ቢምቢዋ በርሜሉ እስኪሞላ ትጠብቃለች

«በርሜላችንን ውሃው እስኪያልቅ ተጠቅመን ነው አዲስ የምንሞላው። ያደረ ውሃ የለንም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ቢምቢ ከየት ነው የሚመጣብን?» ብለው የጠየቁኝ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው።

ከበርሜሉ ግድግዳ ነው፣ እማማ።

ቀን ቀን ቁርጭምጭሚት ላይ የምትነክሰውን ቢምቢ አይተናታል። ጥቁር ናት፤ እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት አላት። ስሟ ኤዴስ ነው። ደንጊንም ቺኩንጉንያንም የምታስተላልፈው እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ድሬን ሲያዳርሱ መገጣጠሚያው ተይዞ መራመድ ያቃተው ዘመድ ያልነበረው ሰው ጥቂት ነው።

ይህች ቢምቢ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው እርጥብ ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ጥቁር ስለሆነ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የተረጨ ይመስላል። ውሃው ሲቀንስ እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ይደርቃል። ግን አይሞትም። ደርቆ ለወራት መቆየት ይችላል። መስመር ውሃ መጥቶ በርሜሉ ሲሞላ ውሃው ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ያኔ ይፈለፈላል።

እንግዲህ እኛ ድሬ ላይ ውሃ የምንይዝበትን መንገድ አስቡት። ውሃው በፈረቃ ይመጣል። በመጣ ቀን በርሜሉም፣ ሮቶውም፣ ጀሪካኑም ይሞላል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይጎድላል፤ እንደገና ይሞላል። ለኤዴስ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ሲጎድል ትጥላለች፣ ሲሞላ ይፈለፈልላታል። በእኛ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጉዞ ከሳምንት እስከ አስር ቀን ገደማ ቢወስድ ነው።

በአንድ እሑድ ጠዋት ወደ ጠያቂዋ እናታችን ግቢ ሄድኩ። ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜሎች ከማድ ቤቱ አጠገብ ቆመዋል። ሁለቱም የቆርቆሮ ክዳን አላቸው። አንደኛው ክዳን ግን በጎማ ቱቦው ምክንያት ሁለት ጣት ያህል ተከፍቶ ይኖራል። ሌላኛው መሃሉ ሰርጉዶ ራሱ ውሃ አቁሯል።

ክዳኑን ከፍቼ ምንም አላየሁም። ይሄ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ነው። ከእንቁላሉ የተፈለፈሉት ዕጮች ጥላ ሲያርፍባቸው ወደ ታች ይጠልቃሉ። ለመተንፈስ ግን መመለሳቸው አይቀርም። የስልኬን መብራት ከጎን አብርቼ፣ ሳልንቀሳቀስ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየሁ። እየተጠማዘዙ ብቅ አሉ። ጭንቅላታቸውን ቁልቁል ዘቅዝቀው፣ በጭራቸው በኩል ከውሃው ገጽ ላይ ተንጠለጠሉ። መሃላቸው ጭንቅላታቸው የገዘፈ፣ ጎበጥ ያሉም ነበሩ። እነዚህ መብላት ያቆሙ ናቸው፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይበራሉ። እነሱን ካያችሁ ለነገ አትበሉት።

እናታችን ደነገጡ። «አቦ! ይሄን ውሃ እየተጠቀምን ነው?» አሉ። ወዲያው ሊደፉት ተነሱ። እኔ ግን ከለከልኳቸው። ስንት ቀን የተጠበቀ ውሃ ነው።

ያደረግነው ይሄን ነው። ውሃውን በነጠላ ጨርቅ እያጠለልን ወደ ባልዲና ጀሪካን ገለበጥነው። ለልብስና ለወለል ይሆናል ብለን ለየነው። ጨርቁ ላይ የቀረውንና የበርሜሉን አተላ ፀሐይ የሚመታው ደረቅ መሬት ላይ ደፋነው። ቦይ ውስጥ ከደፋችሁት ዕጩ እዚያም ውሃ ያገኛል። ከዚያ ዋናው ሥራ መጣ። በጠንካራ ብሩሽና በሳሙና የበርሜሉን ውስጥ ዙሪያውን ፈገፈግን። ታች ብቻ ሳይሆን እስከ አፉ ድረስ። በተለይ ውሃው ሲጎድል መስመር የሚሠራበትን ቦታ ደጋግመን። በውሃ ማለቅለቅ ብቻውን አይበቃም፤ እንቁላሉ የተጣበቀ ነው፣ መፋቅ አለበት። የታጠበበትንም ውሃ ደረቅ መሬት ላይ ደፋነው።

ለክዳኑ ከአገልግሎት የወጣ አጎበር ሁለት ድርብ አድርገን አፉ ላይ ወጠርን። በብስክሌት የውስጥ ጎማ ዙሪያውን አሰርን። ጨርቁ መወጠር አለበት። ረግቦ ውሃውን ከነካ ቢምቢዋ እላዩ ላይ ትጥላለች። የሰረጎደው ቆርቆሮም ተቃንቶ ከላይ ተደረገበት። ይሄ ሁሉ ለሁለት በርሜል አንድ ሰዓት አልፈጀም።

ከበርሜሉ ሌላ ዶሮዎቹ የሚጠጡበት ሳህን፣ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ጻህልና አንድ አሮጌ የመኪና ጎማ ነበር። ሳህኑና ጻህሉ በሳምንት አንዴ መፈግፈግ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ጎማውን ወደ ጥላ ገባ አድርገን ሸፈንነው።

እሑድን የመረጥነው ቤተሰቡ ስለሚሰበሰብ ነው። ቁም ነገሩ ቀኑ አንድ መሆኑና ከሰባት ቀን አለማለፉ ነው። ዕጩ ክንፍ ሳያወጣ የሚደረስበት ጊዜ ይሄ ነው። በርሜሉ በዚያ ቀን ሙሉ ከሆነ ጨርቁ እንዳልተቀደደ አይታችሁ፣ በመብራት ፈትሻችሁ ትተዉታላችሁ። ዕጭ ካለ ግን ጎድሎ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ እንደኛ አጥልሉት። ሮቶና የሲሚንቶ ገንዳ በብሩሽ አይቻልም። እዚያ ላይ ክዳኑን መግጠም፣ የአየርና የትርፍ ውሃ ቱቦውን አፍ በወንፊት ማሰር ነው። ዕጭ የሚገድለው ኬሚካል የሚጨመረው በጤና ባለሙያ ልክ ነው። ጋዝና የተቃጠለ ዘይት የምትጨምሩ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። ያ ውሃ ይጠጣል።

እዚህ ላይ ቅሬታዬን ልናገር። በየዘመቻው የምንሰማው «ያቆረ ውሃ አፋስሱ» ነው። ረግረግ ላለበት አገር ይሄ ጥሩ ምክር ነው። ድሬ ላይ ግን ውሃ ጠብቆ የሞላን ሰው «ድፋ» ብትሉት አይሰማችሁም፤ ልክ ነው። «ከመሙላትህ በፊት ፈግፍግ» ቢባል ግን ያደርገዋል። ውሃ አይባክንበትም።

ወባም ወደዚሁ በርሜል መጥታለች። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ከእስያ የመጣች ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ነው። እንደ ነባሮቹ የዝናብ ኩሬ አትጠብቅም፤ የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ይበቃታል። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በደረቁ ወራት ወባ የተነሳው ከእሷ ጋር ተያይዞ ነው። የእሷ እንቁላል ውሃው ላይ ስለሚንሳፈፍ እንደ ኤዴስ ደርቆ ወራት አይቆይም። ዕጯም ወደ ታች አይንጠለጠልም፤ ከውሃው ገጽ ጋር ጋደም ይላል። ጋደም ያለ ካያችሁ ለጤና ጣቢያ ንገሩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናታችን ደወሉልኝ። የቀኑ ንክሻ በጣም ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም አሉ። መጀመሪያውኑ ይሄን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ ነግሬያቸው ነበር። ቀድሞ የበረረው እስኪሞት ይነክሳል። አራተኛው ሳምንት ላይም ሲቀጥል ከአጥሩ ማዶ አየን። የተጀመረ ሕንፃ አለ። ሲሚንቶ የሚያጠጡበት ጉድጓድ በላስቲክ ተነጥፎ ውሃ ሞልቶታል። ሥራው ቆሟል፤ ውሃው ግን አለ። ኤዴስ ሩቅ የምትበር አይደለችም። ከአጥር እስከ አጥር ግን ትበቃለች።

ዘበኛው ጥሩ ሰው ነው፤ «ባለቤቱን ልጠይቅ» አለ። መልስ እስካሁን አልመጣም። ያ ውሃ አይጠጣም። ሥራ በቆመበት ሳምንት ማድረቅ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። ቀበሌው የእኛን በርሜል ከማየቱ በፊት፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል እንዲህ ያለውን ጉድጓድ በየሳምንቱ ይይ። ካልደረቀ ሥራው እንዳይቀጥል ይበል።