ስልሳ ወንበር ስንት ቀጠሮ ይችላል?

«ስልሳ ወንበር አለኝ። በየምሽቱ ለአምስት ሰዓት እሠራለሁ። ሰው በአማካይ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጣል። ስለዚህ ሁለት መቶ ሰው መቀበል እችላለሁ።» የምግብ ቤት ባለቤቶች እንዲህ ሲያሰሉ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ማባዛቱም ማካፈሉም ልክ ነው። ስሕተቱ ያለው በሚቆጠረው ነገር ላይ ነው። ቀጠሮ የሚይዘው ጠረጴዛን እንጂ ወንበርን አይደለም። ሦስት ሰዎች አራት ወንበር ባለው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ አራተኛው ወንበር ለሌላ አይሰጥም። ጠረጴዛውም የሚለቀቀው ፈጥኖ የበላው ሰው ሲነሣ ሳይሆን የመጨረሻው ሰው ሲነሣ ነው።

በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ያለበት ቡድን ረዘም ላለ ጊዜ ይቀመጣል። የሚገርመው ጭማሪው በአብዛኛው ከመብላቱ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። ስምንት ሰዎች ከሁለት ሰዎች ይልቅ ቀስ ብለው አያኝኩም። ጊዜው የሚያልቀው በዳርና በዳር ነው፤ መጀመሪያ ላይ የዘገየው ጓደኛ እስኪመጣ ማንም አያዝም፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሒሳብ ይከፋፈላል፣ ስንብቱም በር ላይ ሳይሆን እዚያው ወንበር ላይ ይደረጋል። አንዳንድ ቤቶች ሁሉም ተሟልተው ካልመጡ በስተቀር ቡድንን የማያስቀምጡት ለዚህ ነው። ለእንግዳ ደስ አይልም፤ እኔ ግን አልፈርድባቸውም።

አንድ ቤት ወስደን እንይ። ስልሳው ወንበር እንዲህ ተከፋፍሏል እንበል፦ 10 የሁለት ሰው ጠረጴዛ፣ 8 የአራት ሰው ጠረጴዛ እና አንድ የስምንት ሰው ጠረጴዛ። ቤቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ይሠራል። ከመቀመጥ ጀምሮ ጠረጴዛው ተነሥቶ፣ ተወልውሎ፣ እንደገና እስኪሰናዳ ድረስ ለሁለት ሰዎች 90 ደቂቃ፣ ለሦስትና ለአራት ሰዎች 120 ደቂቃ፣ ለትልቅ ቡድን 150 ደቂቃ ይመደባል። አምስት ሰዓት 300 ደቂቃ ነው። በዘጠና ሲካፈል ሦስት ዙር ይሰጥና 30 ደቂቃ ይተርፋል፤ በመቶ ሃያ ሲካፈል ሁለት ዙር ይሰጥና 60 ደቂቃ ይተርፋል፤ በመቶ ሃምሳ ሲካፈል ልክ ሁለት ዙር ነው። ስለዚህ 30 የሁለት ሰው፣ 16 የአራት ሰው እና 2 የትልቅ ቡድን ቀጠሮ፣ በድምሩ 48 ይሆናል። በአራት ሰው ጠረጴዛዎች ላይ ግማሹ ሦስት ሰው፣ ግማሹ አራት ሰው ቢመጣ፣ ትልቁም ላይ ስድስት ስድስት ሰው ቢቀመጥ፣ ምሽቱ የሚያስተናግደው 128 ሰው ነው። ሁለት መቶው የት ሄደ? ከፊሉ ባዶ ወንበር ላይ፣ ከፊሉ አራት ሰዎች ከሁለት ሰዎች በሚረዝሙበት ጊዜ ላይ፣ የቀረው ደግሞ ሙሉ ዙር በማይሆን ትርፍራፊ ደቂቃ ላይ ቀረ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ጠንቃቃ አስተዳዳሪ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው፤ 48 ብለው ወረቀት ላይ ይጽፉና ስልክ የሚደውለው ሰው በፈለገው ሰዓት እየመዘገቡ እስኪሞላ ይቀበላሉ። ቁጥሩ ግን የሚሠራው ሰዓቶቹ ከተገጣጠሙ ብቻ ነው።

ሁለት ሰዎች በ1 ሰዓት እንመጣለን ብለው ደወሉ እንበል። ጠረጴዛው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባዶውን ይቆማል፤ ስልሳ ደቂቃ ለማንም አይበቃምና። እነሱ በ2 ሰዓት ተኩል ይነሣሉ፣ ቀጣዮቹ በ4 ሰዓት ይነሣሉ፣ የቀረው አንድ ሰዓት አሁንም አይበቃም። ሦስት ዙር የነበረው ሁለት ሆነ። አንድ ቀጠሮ በመቀበል አንድ ቀጠሮ ጠፋ፣ መዝገቡ ላይ ግን ምንም አይታይም። እነዚያው ሁለት ሰዎች 1 ሰዓት ተኩል ቢሉ ኖሮ ከ12 እስከ 1 ተኩል፣ ከ1 ተኩል እስከ 3፣ ከ3 እስከ 4 ተኩል ሦስቱም ዙር በደህና ይገባ ነበር።

ለአራት ሰዎች ነገሩ ይገለበጣል። 1 ሰዓት ቢሉ ከ1 እስከ 3፣ ከ3 እስከ 5 ሁለቱም ዙር ይገባል፤ ከፊት የሚቀረው አንድ ሰዓት ቀድሞውኑ ትርፍ ነበር። 1 ሰዓት ተኩል ቢሉ ግን በ3 ተኩል ይነሣሉ፣ ከዚያ በኋላ ለሌላ አራት ሰው የሚሆን ሁለት ሰዓት የለም። ስለዚህ ለአንዱ ደዋይ «እሺ» የሚባልበት ሰዓት ለሌላው «ይቅርታ» የሚባልበት ነው። ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ «በስንት ሰዓት ይፈልጋሉ?» ከማለቱ በፊት «ስንት ናችሁ?» ማለት ያለበት ለዚህ ነው፤ መልሱን ሰምቶም ሁለት ሰዓቶችን አቅርቦ ቢያስመርጥ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ትእዛዝ አልስማማበትም፤ «ሁለት ሰው የአራት ሰው ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቀምጡ» የሚለው። አራት ሰዎች 1 ሰዓት ተኩልን የግድ ከፈለጉ፣ ከእነሱ በፊት ሁለት ሰዎች ከ12 እስከ 1 ተኩል፣ ከእነሱ በኋላ ሌሎች ሁለት ከ3 ተኩል እስከ 5 ማስቀመጥ ይቻላል። ዘጠና፣ መቶ ሃያ፣ ዘጠና፦ ልክ ሦስት መቶ ደቂቃ። በጠረጴዛው ላይ የተስተናገደው ሰው ስምንት ነው፤ አራት አራት ሆነው ሁለት ዙር ቢመጡም የሚደረስበት ያው ስምንት ነው። የሚከለከለው የሁለት ሰዎች አቀማመጥ በአጉል ሰዓት የተደረገው ነው። እርግጥ ነው፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እራት የሚፈልጉ ጥንዶች በሌሉበት ቤት ይህ ስሌት የወረቀት ላይ ስሌት ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ 90 እና 120 የሚሉት ቁጥሮች ከየት ይመጣሉ? ከአማካይ መምጣት የለባቸውም። ሁለት ሰዎች በአማካይ 75 ደቂቃ ይቀመጣሉ ማለት ብዙዎች ከዚያ ያልፋሉ ማለት ነው። ቀጠሮ በ75 ከተመደበ፣ ሁለተኛው ዙር ሲደርስ ከጠረጴዛዎቹ ወደ ግማሽ የሚጠጉት አይለቀቁም፤ መዘግየቱም ወደ ሦስተኛው ዙር ይሻገራል፣ በየዙሩም ይደማመራል። መመደብ ያለበት ከአሥር ቡድን ስምንቱ ተነሥተው ጠረጴዛው የተሰናዳበት ደቂቃ ነው። ለመለካት ደግሞ የሒሳብ ማሽኑን ብቻ ማመን አይገባም። ማሽኑ የሚያውቀው ትእዛዝ የገባበትንና ክፍያ የተፈጸመበትን ሰዓት ነው፤ ከትእዛዝ በፊት ያለውን መጠበቅ፣ ከክፍያ በኋላ ያለውን ጨዋታና መወልወሉን አያይም። አስተናጋጁ የተቀመጡበትንና ጠረጴዛው ዝግጁ የሆነበትን ሰዓት ከሰው ብዛት ጋር በደብተር ቢጽፍ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የቤቱ እውነተኛ ቁጥር ይወጣል። የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን ለየብቻ ይጻፋል፤ የዕረፍት ቀን እንግዳ አይቸኩልም።

ሌላው የሚዘነጋው፣ ቆይታው ራሱ በተቀበልነው ቀጠሮ ብዛት መለወጡ ነው። በምሳሌያችን ቤት ሁሉም ጠረጴዛ በ12 ሰዓት ቢሞላ 54 ሰው በአንድ ጊዜ ያዝዛል። ወጥ ቤቱ በሩብ ሰዓት 20 ሳህን ማውጣት ከቻለ፣ የመጨረሻው ሳህን የሚወጣው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። ያ ጠረጴዛ በ90 ደቂቃ ይለቀቃል ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። የአስተናጋጁን መፍጠን አለመፍጠን መውቀስም ፍትሕ አይደለም፤ ጥፋቱ ከሰዓታት በፊት በመዝገቡ ላይ ተፈጽሟል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ እንግዶች ተቀምጠው መጠጥ ይዘዋል፣ ሳህን ግን ከአንድም ጠረጴዛ ላይ የለም።

ቅድም ትርፍራፊ ያልናቸው ደቂቃዎች የሚያገለግሉት እዚህ ላይ ነው። የሁለት ሰው ጠረጴዛ 30 ደቂቃ ትርፍ ስላለው፣ አራቱን በ12፣ ሦስቱን በ12 ከሩብ፣ ሦስቱን በ12 ተኩል ማስጀመር ይቻላል። የአራት ሰው ጠረጴዛ 60 ደቂቃ ትርፍ ስላለው ከ12 ከሩብ እስከ 1 ሰዓት በየሩብ ሰዓቱ ሁለት ሁለት ይገባል። ትልቁ ጠረጴዛ ትርፍ የለውምና በ12 ይጀምራል። በዚህ አካሄድ በመጀመሪያው ዙር በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ ከ14 ሰው በላይ አይቀመጥም፤ የምሽቱ 48 ቀጠሮ ግን አንድም አይቀንስም።

በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሆቴል አስተዳደር መምህር የነበሩት ሸሪል ካይምስ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር፣ የምግብ ቤት ገቢ በአንድ ወንበር በአንድ ሰዓት ይለካ የሚል አስተሳሰብ አስፋፍተዋል። በአየር መንገድና በሆቴል የተለመደውን ስሌት ወደ ምግብ ቤት ማምጣታቸው ነበር። መለኪያውን እወደዋለሁ፤ ከአየር መንገድ ጋር ያለው ዝምድና ግን እስከ ጥግ ሲወሰድ ያሳስታል። አንዳንድ ባለቤቶች ከአሥር አንዱ ስለሚቀር ከአቅማችን በላይ አሥር በመቶ እንቀበል ይላሉ። በአውሮፕላን ላይ አንዱ ወንበር ሌላውን ይተካል፤ በምግብ ቤት ግን የቀሩት ሁለት ሰዎች ለመጡት ስድስት ሰዎች ቦታ አይሆኑም።

በትርፍ መቀበል ካስፈለገ በሁለት ሰው ጠረጴዛ ላይ ይሁን። አሥር ጠረጴዛዎች እያንዳንዳቸው በ90 ደቂቃ የሚለቀቁ ከሆነና አነሣሣቸው ከተበተነ፣ በአማካይ በየ9 ደቂቃው አንዱ ይለቀቃል። ሁሉም እንግዶች ቢመጡ እንኳ ትርፉ ጥንድ ጥቂት ቆሞ ይቀመጣል። አንድ ብቻ የሆነው ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቡድን ከተጋጨ ግን ቀጣዩ የሚለቀቀው ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት ሰው በር ላይ ይህን ያህል አይጠብቅም።

ያው ትልቅ ጠረጴዛ ሌላም ጥያቄ ያመጣል። ስድስት ሰዎች ደውለው በ1 ሰዓት ተኩል ካልሆነ አንመጣም ቢሉ፣ ከፊታቸው 90 ደቂቃ፣ ከኋላቸው 60 ደቂቃ ይቀራል፤ ሁለተኛ ትልቅ ቡድን አይገባም። የመጀመሪያው መልስ «በ12 ወይም በ2 ተኩል እንቀበላችሁ» ነው። እምቢ ካሉ ደብተሩ ይገለጥ። ባለፉት ሳምንታት በዚያው ቀን ሁለተኛ ትልቅ ቡድን ደውሎ የሚያውቅ ከሆነ ይሸኙ፤ ደውሎ የማያውቅ ከሆነ 1 ሰዓት ተኩል ይሰጣቸው፣ ከፊት ያለው ዘጠና ደቂቃም ለሁለት ሰዎች ይሰጥ።