ስልጠናው አለፈ፣ የተሰረቀው መጽሐፍ ግን አላለፈም

ኤአይ በደራሲዎች መጽሐፍ መሰልጠኑ ሕጋዊ ነው ወይስ ሌብነት የሚለው ላይ ሰው ቶሎ ጎራ ይይዛል። እኔ ነገሩ ትንሽ የጠራልኝ ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ፌደራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 በሁለት ቀን ልዩነት የሰጣቸውን ሁለት ውሳኔዎች ሳይ ነው።

አንደኛው ደራሲዎች ክላውድ የሚባለውን ኤአይ የሚሰራውን አንትሮፒክን የከሰሱበት ነው። ካምፓኒው በሚሊዮን የሚቆጠር መጽሐፍ ገዝቶ ጥራዙን እየቆረጠ ስካን አድርጓል፣ ከዛ በፊት ግን ከ7 ሚሊዮን በላይ ኮፒ ከፓይሬት ሳይቶች አውርዶ ላይብረሪ አድርጎ አስቀምጦ ነበር። ዳኛ ዊሊያም አልሰፕ ስልጠናው ራሱ "ፌር ዩዝ" ነው አሉ፣ ማለት የአሜሪካ ሕግ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚፈቅደው አጠቃቀም። ሞዴሉ የተማረው አዲስ ነገር ለመጻፍ ነው፣ ከሳሾቹም መጽሐፋችንን ገልብጦ ለሰው ሰጠብን አላሉም። የተገዛውን ስካን ማድረግም ችግር የለውም ተባለ። የተሰረቀው ላይብረሪ ግን አላለፈም፣ ወደ ጁሪ ሊሄድ ሲል ካምፓኒው በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ታረቀ፣ ለአንድ መጽሐፍ 3,000 ዶላር ገደማ። ብዙ ሰው ይሄን ብር ሰምቶ "ስልጠና ሕገወጥ ነው ተባለ" ይላል፣ አልተባለም፣ የተከፈለው ለአመጣጡ ነው።

ሁለተኛው ደራሲዎች የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በዚሁ በስልጠና ጉዳይ የከሰሱበት ነው፣ ዳኛው ቪንስ ቻብሪያ። እዚህም ካምፓኒው አሸነፈ፣ ግን ዳኛው ያሸነፈው ደራሲዎቹ ገበያችን ተጎዳ የሚል ማስረጃ ስላላመጡ ነው አሉ፣ ያለ ፈቃድ ማሰልጠን በብዙ ሁኔታ ሕገወጥ ሊሆን እንደሚችልም ጻፉ። ልዩነታቸው እዚህ ጋ ነው፦ አልሰፕ ደራሲዎቹ የሚያነሱት ቅሬታ ልጆችን ጥሩ ጽሑፍ ማስተማር ተፎካካሪ ያበዛል ብሎ እንደማማረር ነው ሲሉ፣ ቻብሪያ ደግሞ አይገናኝም፣ ሞዴሉ አንድ ሰው ቁጥር የሌለው መጽሐፍ በትንሽ ጊዜ እንዲያወጣ ያደርጋል አይነት መልስ ሰጡ። እኔ በዚህ ከቻብሪያ ጋር ነኝ። ግን የካምፓኒዎቹም ክርክር ቀላል አይደለም፣ ኮፒራይት የሚጠብቀው የተጻፈውን ቃል ነው፣ ስታይልና ሐሳብ የማንም ንብረት አይደለም፣ ያልተገለበጠ አዲስ መጽሐፍ ገበያዬን ተሻማብኝ ብሎ መክሰስ ደግሞ በሰውም ላይ አይሰራም።

ሙዚቃ ላይ ሲመጣ ይሄ መከላከያ ይሳሳል። ግጥም አጭር ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ሺ ጊዜ ተደጋግሞ ስለሚገኝ ሞዴሉ በቀላሉ ይሸመድደዋል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2025 የሙኒክ ፍርድ ቤት ጌማ የሚባለው የጀርመን የሙዚቃ መብት ማኅበር የቻትጂፒቲን ባለቤት ኦፕንኤአይን በከሰሰበት ጉዳይ የ9 ዘፈን ግጥሞችን አይቶ፣ ሞዴሉ ውስጥ ተሸምድዶ መቀመጡ ራሱ ኮፒ ነው አለ። የመጀመሪያ ደረጃ ውሳኔ ነው፣ ይግባኝ አለው። ግን ከሳሽ ምን ይዞ መቅረብ እንዳለበት ያሳያል፦ ወይ ሞዴሉ ቃል በቃል ሲያወጣው፣ ወይ ሽያጩ ሲወርድ የሚያሳይ ቁጥር።