«ፋታ ስጪኝ» ያለው የሒሳብ ሠራተኛ፦ የሁለት ጸሐፊዎች ክርክር

ጥያቄው፦ «በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ ወዲህ በየቀኑ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ራሴን እስኪያዞረኝ ደክሜ ቤት እገባለሁ። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴን ‹እባክሽ ፋታ ስጪኝ› ብላት ‹ሰለቸሁህ ማለት ነው› ብላ አለቀሰች። አልሰለቸችኝም። ሳላስቀይማት እንዴት ልጠይቃት?»

የቤተሰብ አማካሪዋ፦

«ፋታ ስጪኝ» የሚለው አነጋገር በቋንቋችን ለሚነዘንዝ ሰው የሚወረወር ነው። ልጅ ሲያስቸግር፣ አበዳሪ ሲያስጨንቀን የምንለው ስለሆነ፣ ሚስትየው «የድካሜ ምክንያት አንቺ ነሽ» የተባለች ያህል ቢሰማት አልፈርድባትም። ጠያቂው የሚያስፈልገው ፋታ ከእርሷ ሳይሆን ከሒሳቡ መሆኑን አፉ አልተናገረም።

እኔ ብሆን እንዲህ እንዲላት እመክረው ነበር፦ «የዛሬው ሒሳብ አልገጥም ብሎኝ ጭንቅላቴ ዞሯል። እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ጋደም ልበልና እራት አብረን እንበላለን።» በዚህ አባባል ውስጥ ድካሙ ከውጭ የመጣ መሆኑ፣ የሚያበቃበት ሰዓት እና የሚመለሰው ራሱ መሆኑ አብረው ተነግረዋል። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሳይጠራ ተነሥቶ መውጣት አለበት፤ ሦስት ሰዓት ላይ እርሷ በር አንኳኩታ ካስነሣችው፣ በማግስቱ የሚናገረውን ሰዓት አታምነውም፤ ልክም ናት።

ባለትዳሩ፦

እህቴ የጻፉት ለንባብ ያምራል፤ እኔ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ስኖር ባለቤቴን ፋታ ጠይቄያት አላውቅም። በጥሩ ቃል ቢጠየቅም ጥያቄው ራሱ ጥያቄ ይወልዳል። «ጭንቅላቴ ዞሯል» ያልኋት ሚስት «ማን ምን አለህ? አመመህ እንዴ?» ማለቷ አይቀርም፤ አንድ ሰዓት ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው።

እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ እወርድና ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል በእግሬ እሄዳለሁ። የቢሮውን ነገር መንገድ ላይ ጥዬ ስገባ ፊቴ ተመልሷል፤ የተጠየቀ ሰው የለም፣ የተቀየመም የለም። ደግሞም ወንድሜ ሥራው ይህን ያህል ከከበደው ሥራ መቀየርን ለምን አያስብም?

የቤተሰብ አማካሪዋ፦

ሰውየው የጠየቀው ስለ ሚስቱ ስለሆነ ሥራ መቀየሩን እንተወው። የእግር መንገድዎን ግን አከብራለሁ፤ ለምን እንደሚሠራልዎትም መናገር እችላለሁ። አሜሪካዊው የትዳር ተመራማሪ ጆን ጎትማን ባልና ሚስት ሲከራከሩ የልብ ምታቸውን እየለካ ያጠና ሰው ነው። እርሱ እንደሚለው የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው የሚነገረውን በወጉ መስማት ያቅተዋል፤ ሰውነት እስኪረጋጋም ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ጥናቱ ስለ ጠብ እንጂ ስለ ቢሮ ድካም አልነበረም፤ ሆኖም ያ 20 ደቂቃ የበደል ቂም እየተመነዘረበት ካለፈ ሰውነት እንደማይበርድ ማሳየቱ ለዚህም ይጠቅመናል። እርስዎ ሲራመዱ ዓይንዎ መንገድ ላይ ነው። መኝታ ቤት ገብቶ የአለቃውን ንግግር ሲያመላልስ የሚቆይ ሰው ግን ከአንድ ሰዓት በኋላም እንደ ገባ ነው የሚወጣው። ስልክ ይዞ ከገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ከበሩ ወዲያ ቪዲዮ እያየ ሲስቅ የሰማች ሚስት «ለእኔ ብቻ ነው የደከመው» ብትል ምን መልስ አለው?

የማልስማማው ሳይናገሩ በመሄድዎ ነው። በእኛ ቤት ሳይነገር የተጀመረ ዝምታ ስም አለው፤ ኩርፊያ ይባላል። ባለቤትዎ ለምን እንደሚያመሹ ያውቃሉ?

ባለትዳሩ፦

እውነቱን ልናገር። ከሦስት ዓመት በፊት በሐምሌ ዝናብ መንገዱ አላስኬድ ሲለኝ አንድ ሻይ ቤት እየተቀመጥሁ አሳልፍ ነበር። ጎረቤት አይታኝ ኖሮ ለባለቤቴ ነገረቻት፤ እርሷም ሌላ ሴት ጠርጥራ ሁለት ሳምንት ያህል እራት አቅርባልኝ ሳትቀመጥ ትሄድ ነበር። ያን ጊዜ ነገርኋት። ስለዚህ አንድ ጊዜ መናገር እንደሚገባ እቀበላለሁ፤ በየምሽቱ ማስፈቀድን ግን አልቀበልም።

እርስዎም የዘለሉት ነገር አለ። «ጋደም ልበል» የሚባለው ክፍል ላለው ሰው ነው። ልጆች፣ ቴሌቪዥንና ምድጃ በአንድ ክፍል ውስጥ በሚኖሩበት ቤት ወዴት ይጋደማል? ደግሞም የሒሳብ ሰው ሥራ በሐምሌ አያልቅም፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ የሚያስታውቀው እስከ ጥቅምት 30 ነው። አራት ወር ሙሉ በየማታው አንድ ሰዓት የሚሸሽ ባል ፋታ ወሰደ ይባላል?

የቤተሰብ አማካሪዋ፦

አይባልም፤ በዚህ ላይ ልክ ነዎት። ክፍል ለሌለው ሰውም ከእርስዎ መንገድ የተሻለ መልስ የለኝም። ለዚህ ጠያቂ ግን የሚበጀው በር ላይ ደክሞ ቆሞ ከመለመን ይልቅ፣ ሁለቱም በተረጋጉበት በአንድ እሑድ ቁጭ ብሎ ወቅቱን ማስረዳት ነው፦ የትኞቹ ሳምንታት እንደሚከብዱ፣ በሳምንት ስንት ምሽት እንደሚያስፈልገው፣ መቼ እንደሚቀልለው። ያኔ በር ላይ «ዛሬ ከእነዚያ ምሽቶች አንዱ ነው» ማለት ይበቃዋል፤ እርስዎ የፈሩት የግማሽ ሰዓት ማብራሪያም ይቀራል።

ሁለታችንም በቅጡ ያላነሣነው ደግሞ የልጆችን ነገር ነው። አንድ ጊዜ ወደ እኔ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ቃሉን ያሳምር ነበር፣ ሰዓቱንም ያከብር ነበር፤ ሚስትየው ግን አሁንም «ገፋኝ» ትላለች። ምሽታቸውን ደቂቃ በደቂቃ እንዲነግሩኝ ስጠይቅ፣ እርሱ የሚያርፍባት ሰዓት ልጅ የሚታጠብባት፣ የቤት ሥራ የሚሠራባት፣ ወጥ የሚወጣባት ሰዓት ሆና ተገኘች። የእርሱ ፋታ የሚወጣው ከእርሷ ጉልበት ነበር። ዕረፍቱን ልጁ ከታጠበ በኋላ እንዲያደርግ፣ ቅዳሜ ከሰዓትም ልጁን ይዞ ወጥቶ ቤቱን ለእርሷ እንዲለቅ ተስማሙ። «ገፋኝ» የሚለው ቃል በአንድ ቀን ባይጠፋም «ቅዳሜ የእኔ ናት» የሚል ሌላ ቃል አጠገቡ መጣ።

ባለትዳሩ፦

ይህ አሁን ንግድ መሰለኝ፤ ሰዓት በሰዓት መለወጥ። ባልና ሚስት እንዲህ መቆጣጠር ከጀመሩ ነገ የጎደለችውን ሩብ ሰዓት ማን ይከፍላል?

የቤተሰብ አማካሪዋ፦

ሒሳቡ ድሮም ነበረ፤ የምትይዘው እርሷ ብቻ ስለነበረች አልታየንም። እርስዎ ሃያ አምስቷን ደቂቃ በእግርዎ ሲሄዱ ባለቤትዎ ምን ሲሠሩ ያመሻሉ?

ባለትዳሩ፦

እንጀራ ስትጋግር... ሁልጊዜ አይደለም። ልጆቹ ትንንሽ በነበሩ ጊዜ ግን ምን ታደርግ እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም። በመንገዴ ላይ ያለኝን አሳብ አልለወጥሁም፤ ይህንን ግን ዛሬ ማታ እጠይቃታለሁ።