4.37 ምን አጠፋ?

«ጋሼ፣ የ0.00010 ሞላር አሴቲክ አሲድ ፒኤች ስንት ነው ተብለን ተጠየቅን። Ka 1.8 × 10⁻⁵ ነው። 4.37 ብዬ ሠራሁ። መምህሩ ግማሹን ነጥብ ቆረጠብኝ። ቀመሩ ልክ፣ ስሌቱ ልክ። ታዲያ ምን አጠፋሁ?»
የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መምህርህ እውነቱን ነው። ካልኩሌተሩ ላይ የነካካኸው ሁሉ ትክክል ነው። ጥፋቱ ከዚያ በፊት፣ «x ትንሽ ስለሆነ እንተወው» ብለህ ባለፍካት መስመር ላይ ነው።

ደካማ አሲድ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሁሉም አይበተንም። ከፊሉ ሃይድሮጅን አዮኑን ይለቃል፤ ቀሪው እንዳለ ይቀመጣል። መጀመሪያ የገባውን የአሲድ መጠን C፣ የተበተነውን x ካልነው፣ ያልተበተነው C − x ነው። ስለዚህ፦

Ka = x² / (C − x)

እዚህ ላይ ሁላችንም አቋራጭ እንወዳለን። x ከC አንጻር ኢምንት ከሆነ፣ C − x የሚለውን C ብቻ እናደርገዋለን። ያኔ x = √(Ka × C) ይሆንና ከኳድራቲክ ጣጣ እንገላገላለን። መንገዱ ነውር የለበትም። ግን «ከሆነ» የምትለዋ ቃል አብራ መጥታለች፤ አብዛኛው ተማሪ የሚረሳት እሷን ነው።

ከሱቅ የምንገዛውን አቼቶ እንውሰድ። 5 በመቶ አሲድ ያለው አቼቶ 0.83 ሞላር ገደማ ነው። በአቋራጩ x 0.0039 ይመጣል፣ ፒኤቹም 2.41። ከአሲዱ የተበተነው ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። «x ኢምንት ነው» ብለን ጀመርን፣ ስንጨርስም በእርግጥ ኢምንት ሆኖ አገኘነው። የተነሳንበትና የደረስንበት ተስማሙ። እዚህ ኳድራቲክ የሚሠራ ሰው ጊዜውን እያባከነ ነው።

አሁን ከዚሁ አቼቶ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ በሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የተጣራ ውኃ ውስጥ አካፍለን እንጨምር። አሲዱ 0.00010 ሞላር ገደማ ይሆናል። የፈተናህ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። አሲዱ ሲቀጥን የተለቀቁት አዮኖች ይራራቃሉ፤ ተገናኝተው መልሰው የመጣመር ዕድላቸው ይቀንሳል። ስለዚህ የተበተነው ድርሻ ከፍ ይላል። አቋራጩ x = 4.2 × 10⁻⁵ ይሰጥሃል። ከ1.0 × 10⁻⁴ ውስጥ ይሄ 42 በመቶ ነው። «ኢምንት» ያልከው ነገር ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው! ወረቀትህ ራሱን በራሱ ይቃረናል። መምህሩ የቆረጠውም ለዚህ ነው።

ኳድራቲኩን ብትሠራው x 3.4 × 10⁻⁵፣ ፒኤቹ 4.46 ይወጣል።

«ለ0.09 ልዩነት ይሄ ሁሉ?» ትለኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፒኤች ሎጋሪዝም ስለሆነ ስህተትን አሳንሶ ያሳያል። በአቋራጩ ያገኘኸው የሃይድሮጅን አዮን መጠን ከትክክለኛው 23 በመቶ ይበልጣል፤ ፒኤች ላይ ሲደርስ ግን 0.09 ብቻ ሆኖ ይታያል። በፒኤች ወረቀት ለሚለካ ሰው ሁለቱ መልሶች አንድ ናቸው፤ ቀለሙ አይለያቸውም። የተበተነውን ድርሻ አስላ ለተባለ ሰው ግን 42 እና 34 በመቶ አንድ አይደሉም።

ክፍል ውስጥ «ውጤቱ ስሜት ይሰጣል ወይ ብላችሁ ፈትሹ» ይባላል። ጥሩ ምክር ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። በአንተው ቁጥር እንየው። አሲዱ ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ሙሉ በሙሉ ይበተንና ፒኤቹ 4.00 ይሆን ነበር። ደካማ ስለሆነ ከ4.00 በላይ፣ አሲድ ስለሆነ ደግሞ ከ7 በታች መሆን አለበት። 4.37 እዚህ መሀል ነው። ፍተሻውን ያልፋል፤ ግን ስህተት ነው።

ይሄ ፍተሻ የሚይዘው ነገሩ ሲባባስ ነው። አሲዱን መቶ እጥፍ አቅጥነህ 1.0 × 10⁻⁶ ሞላር አድርገው። አቋራጩ 5.37 ይልሃል። ጠንካራ አሲድ እንኳ በዚህ መጠን ከ6.00 በታች አይወርድም። ከጨመርከው አሲድ አራት እጥፍ የሚበልጥ ሃይድሮጅን አዮን አገኘሁ ማለትህ ነው። ከየት መጣ? ትክክለኛው መልስ 6.02 ነው፤ አሲዱ ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ተበትኗል። ከዚህም አልፈህ 1.0 × 10⁻⁸ ላይ ብትደርስ ኳድራቲኩ ራሱ ፒኤች 8 ብሎ አሲዱን ቤዝ ያደርግብሃል። እዚያ ውኃው ራሱ የሚለቀው አዮን መቆጠር አለበት፤ ሲቆጠር 6.98 ይሆናል።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ነገር ያስፈልጋል። C ን ለKa አካፍለው። ያንተ 5.6 ገደማ ነው። ክፍል ውስጥ «ከ100 ከበለጠ አቋራጩ ይቻላል» የሚሉ አሉ፣ «ከ400 ከበለጠ» የሚሉም አሉ፤ ተማሪውም የትኛው እውነት ነው እያለ ይጨነቃል። ሁለቱ የሚለያዩት በሚፈቅዱት ስህተት ነው። 400 ማለት x ከC 5 በመቶ ሲሆን ነው፣ 100 ማለት ደግሞ 10 በመቶ ሲሆን። በ100ው እንኳ ፒኤቹ የሚሳሳተው በ0.02 ገደማ ነው። እኔ በዚህ ላይ የሚደረገው ክርክር አይገባኝም። 5.6 ግን በማንኛውም ሕግ አያልፍም።

ኳድራቲክ ከሰለቸህ ሌላ መንገድ አለልህ። መጀመሪያ ያገኘኸውን 4.24 × 10⁻⁵ አትጣለው። ከC ቀንሰው፣ 5.76 × 10⁻⁵ ይቀራል። ይህን በC ቦታ አስገብተህ ስኩዌር ሩቱን እንደገና አውጣ፦ 3.22 × 10⁻⁵። እሱንም ከመጀመሪያው C ቀንሰህ ድገመው፦ 3.49። አሁንም፦ 3.42። አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ እያለ 3.44 ላይ ይረጋል። ደግሞ ገና ሁለተኛው ዙር ላይ ቁጥሩ ከ4.24 ወደ 3.22 ሲዘል፣ አቋራጩ እንደማያዋጣ በዓይንህ ታያለህ።

አንድ ማሳሰቢያ። ይሄ ሁሉ የተጣራ ውኃ ላይ ነው። ጀሪካኖቹን ከጣና ብትሞላቸው 4.37ም 4.46ም አይሠሩም። የሐይቁ ውኃ ባይካርቦኔት አለው፤ ያቺ አንድ ማንኪያ አሲድ የለቀቀችውን ሃይድሮጅን አዮን ይውጠዋል። ፒኤቹ ወደ 4 ዝር አይልም።

አሁን ወደ ነጥቡ። መምህሩ መቁረጡ ልክ ነው፤ ግማሹን መቁረጡም አልበዛም እላለሁ። ጥያቄው ከ4 ቢታረም እኔ 1 ለሚዛኑ አጻጻፍ፣ 1 ለስሌቱ፣ 1 ለፍተሻው፣ 1 ለመጨረሻው መልስ እሰጥ ነበር። በዚህ አያያዝ አንተም 2 ነው የምታገኘው፣ ከመምህሩ ጋር እኩል ወጣን ማለት ነው። ግን 4.37 ብለህ ጨርሰህ ከሥሩ «x ከC 42 በመቶ ስለሆነ ግምቱ አያስኬድም» ብለህ ብትጽፍ ኖሮ፣ ኳድራቲኩን ሳትነካው 3 እሰጥህ ነበር። በምርጫ ፈተና ላይ ግን ይቺ መስመር የምትጻፍበት ቦታ የለም። 4.37 እና 4.46 ጎን ለጎን ተደርድረው ከመጡ የሚለያቸው ቀድሞ C ን ለKa ያካፈለ ተማሪ ብቻ ነው።