ለታታሪው ሠራተኛ ለ‹ቤቱ› የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ሳምንት በአንድ ምግብ ቤት የቀረበልኝ ሒሳብ ከድምሩ በላይ «የአገልግሎት ክፍያ 10 በመቶ» የሚል መስመር ነበረው፤ ከድምሩ በታች ደግሞ «ጉርሻ» የሚል ቃልና የደንበኛውን ቸርነት የሚጠባበቅ ባዶ ቦታ ታትሞበታል። ያስተናገደችኝን ልጅ አሥሩ በመቶ ይደርሳት እንደሆነ ስጠይቃት፣ መጀመሪያ ወደ ካሸሯ ዞር ብላ አየች፤ ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ነጥብ አለን» አለችኝ። ይህን መልስ ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ብዙዎቻችን ነጥቡ ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ ባዶውን ቦታ ሞልተን እንወጣለን። ስለዚህ ዛሬ ይህን የነጥብ ጥበብ የፈለሰፉትንና በየቤቱ ያስፋፉትን ብልሆች በሚገባቸው መጠን ላመሰግን ተነሥቻለሁ።

ሐሳቡ ከመነሻው መልካም እንደነበር መመስከር ይገባል። ደንበኛ የሚያየው ትሪ ተሸክሞ የመጣውን አስተናጋጅ ብቻ ነው፤ ከጀርባ ሆኖ ያበሰለውን፣ ዕቃ ያጠበውንና ወለሉን የወለወለውን አያይም። ስለዚህ የተሰበሰበው ሁሉ አንድ ቋት ውስጥ ገብቶ፣ ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ ነጥብ ተሰጥቶ፣ ቋቱ ለነጥቦቹ ድምር ተካፍሎ፣ ሁሉም በያዘው ነጥብ ልክ ቢወስድ ማንም ቅር አይለውም። ብልሆቹ የደረሱበት ታላቅ ግኝት ግን ከዚህ ይረቃል። ሠራተኛው ዓይኑን የሚጥለው በራሱ ነጥብ ላይ እንጂ ቋቱ በሚካፈልበት ድምር ላይ አለመሆኑን ተገንዝበዋል። በዚህም ምክንያት በወሩ መጨረሻ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት አንድ ቁጥር ብቻ ይይዛል፤ እሱም የአንድ ነጥብ ዋጋ ነው።

ወረቀቱ የማይናገረውን በምሳሌ ላስረዳ። ገንዘቡ የየትኛውም አገር ቢሆን ለውጥ ስለማያመጣ መገበያያውን አልጠራም። አንድ ቤት በወር 1,000,000 ሽያጭ አከናውኖ 100,000 የአገልግሎት ክፍያ ሰበሰበ እንበል። ስምንት አስተናጋጆች አራት አራት፣ ስድስት አብሳዮች ሦስት ሦስት፣ ሁለት የመጠጥ ቀጂዎች ሦስት ሦስት፣ አራት ዕቃ አጣቢዎችና ጽዳቶች ደግሞ አንድ አንድ ነጥብ አላቸው። ድምሩ 60 ነው። ደንበኞች ሁሉ በካርድ ከፍለው ባንኩ ሁለት በመቶ ቢወስድ፣ ከአገልግሎት ክፍያው ላይ የሚነካው 2,000 ይሆናል። የቀረው 98,000 ለ60 ሲካፈል አንድ ነጥብ 1,633 ያወጣል፤ ባለ አራት ነጥቡ አስተናጋጅም ከ6,500 በላይ ይዞ ይገባል።

ይህ ግን ጥበብ የጎደለው ስሌት ነው። በብልሆቹ መዝገብ የባንኩ ሁለት በመቶ ከአገልግሎት ክፍያው ብቻ ሳይሆን ከጠቅላላው 1,100,000 ላይ ይሰላና 22,000ው እንዳለ ከቋቱ ይቆረጣል። ስለዚህ ቤቱ ለሸጠው ዕቃ ለባንክ የሚከፍለውን አስተናጋጁ ይከፍልለታል ማለት ነው። ቀጥሎ ለተሰባበረ ዕቃና ለደንብ ልብስ 8,000 ይነሣል። በቋቱ 70,000 ይቀራል። በዚህ ጊዜ ማንም ያላያቸው ባለነጥቦች ይመጣሉ፤ ሥራ አስኪያጁ 12፣ በየትኛው መደብ እንደተቀጠረ የማይታወቀው የባለቤቱ የእኅት ልጅ 8፣ እንዲሁም ‹ቤቱ› 20። ድምሩ 100 ሞላ፤ ሂሳቡም እንዴት እንደሚያምር ተመልከቱ! አንድ ነጥብ 700 ሆነ፤ አስተናጋጁ 2,800፣ ዕቃ አጣቢዋ 700 ትወስዳለች። ደንበኞች ለሠራተኞቹ ብለው ከከፈሉት 100,000 ውስጥ ሠራተኞቹ ዘንድ የደረሰው 42,000 ነው።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ‹ቤቱን› ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ በዓለም ላይ አይገኝም። ሃያ ነጥብ ያለው፣ ማለትም ከአምስት አስተናጋጆች እኩል የሚሠራ፣ ነገር ግን አንድም ቀን ትሪ ሲያነሣ ያልታየ ትሑት ነው። አርፍዶ አያውቅም፤ ከሥራ ቦታው ወጥቶም አያውቅም፤ ሌሊቱንም እዚያው ያድራል። ታሞ ፈቃድ አልጠየቀም፤ ልጁን ትምህርት ቤት ላድርስ አላለም፤ ከማናጀሩ ጋር ቃል አልተለዋወጠም። ደንበኛ ሲቆጣ ይቅርታ መጠየቅ የእሱ ድርሻ ባይሆንም ፊቱን አጨማድዶ አያውቅም፤ በሩን ከፍቶ ሁሉንም ተቀብሏል። ለጥገና የተዘጋበት ወር ቢኖር እንኳ ነጥቡ አይጎድልም፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ቤታቸው ተቀምጠው ሳለ እሱ ያለማቋረጥ በሥራ ገበታው ላይ ነበር። አገልግሎቱ በዓመታት የሚቆጠር በመሆኑ የአገልግሎት ዘመን ጭማሪ ሊሰጠው ይገባል የሚል አስተያየት ቢነሣ እኔ በበኩሌ አልቃወምም። ደመወዝ አለመጠየቁን ስናስብ ደግሞ፣ የቤት ኪራይ የሚባለውን ነገር ከደንበኛው ሒሳብ ላይ አስቀድሞ እንደተከፈለው በማሰብ ስሜታችንን ከመጉዳት እንቆጠብ።

ከቸርነቱ ሁሉ የሚበልጠው ግን የወራሽነቱ ነገር ነው። አንድ አስተናጋጅ አሥር ደቂቃ አርፍዶ በቅጣት አንድ ነጥብ ቢነጠቅ፣ በተራው ሰው ስሌት የነጥቦቹ ድምር በአንድ ይቀንስና የቀሩት ሠራተኞች የነጥብ ዋጋ ትንሽ ከፍ ይላል። በብልሆቹ ቤት ግን አካፋዩ ምን ጊዜም 100 ነው። የተቀጣው ነጥብ ወደ ባልደረቦቹ ሳይሆን ወደ ‹ቤቱ› ይሄዳል። ሥራ የለቀቀችው ልጅ ነጥብም ምትክ እስኪገኝላት ድረስ ‹ቤቱ› ዘንድ በአደራ ይቀመጣል፤ ምትኳን መቅጠር ለምን ወራት እንደሚፈጅም ከዚህ መረዳት ይቻላል። ይህን ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ የአንድ ነጥብ ዋጋ በስንት እንደተካፈለ መጠየቅና የምታውቋቸውን ሰዎች ነጥብ መደመር በቂ ነው። ሰው ሲጎድል የነጥቡ ዋጋ ከፍ ካላለ፣ ጎዶሎውን የሚሞላ ሌላ አፍ አለ ማለት ነው።

እስካሁን በአድናቆት መጥቻለሁ፤ አንድ ነገር ላይ ግን ምስጋናው ጉሮሮዬ ላይ ይቆምብኛል። ሒሳቡን ሳይከፍል የጠፋ ደንበኛ ዕዳ ከቋቱ ሲቆረጥ፣ ያን ደንበኛ በዓይኗ አይታው የማታውቀው ዕቃ አጣቢም ከአንድ ነጥቧ ትከፍላለች። ቀኑን ሙሉ እጇ ውሃ ውስጥ ነው፤ የተሰበረው ብርጭቆ የእሷ፣ የጠፋው ደንበኛ የእሷ፣ የባንኩም ድርሻ የእሷ ሆነ። ትርፉ ሲመጣ ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ኪሳራው ሲመጣ ሸሪክ የሚፈልግ ከሆነ ይህ አስተዳደር አይባልም፤ ስርቆት ነው፤ በደረሰኝ ላይ መታተሙም ስርቆትነቱን አያስቀረውም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፤ ጥበቡ በክፍፍሉ ብቻ አያበቃምና። አስተናጋጇ ስትቀጠር ደመወዟ 5,000 እንደሆነ ተነግሯታል። ወሩ ሲያልቅ ቤቱ ከራሱ ካዝና 2,200 ያወጣና ከቋቱ የደረሳትን 2,800 ይጨምርበታል፤ 5,000 ሞላ፤ ቃልም ተጠበቀ። ሥራ በበዛበት ወር ከቋቱ 3,500 ቢደርሳት ካዝናው 1,500 ብቻ ያወጣል። ደንበኛው በለገሰ ቁጥር የሚቀልለው የባለቤቱ ሸክም እንጂ የእሷ ኑሮ አይደለም፤ እሷ በደከመችበትም ባልደከመችበትም ወር 5,000 ናት።

ይህ ገንዘብ ገቢ መሆኑና አለመሆኑ ደግሞ እንደ እስስት በቆመበት ቦታ ይለዋወጣል። ዝቅተኛውን ደመወዝ ለሚመረምር ተቆጣጣሪ ሲቀርብ ደመወዝ ነው። የጡረታ መዋጮ፣ የትርፍ ሰዓት ወይም የስንብት ክፍያ ሲሰላ ግን «ጉርሻ እኮ ደመወዝ አይደለም» ይባላል። በትርፍ ግብር ቀን ደግሞ 100,000ው እንዳለ ለሠራተኞች የተከፈለ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል፤ 42,000 ብቻ የወሰዱት ሰዎች በወረቀት ላይ ከቤቱ ሁሉ ባለጸጎች እነሱ ናቸው። ለደንበኛው ሲነገረው ምስጋና ነው። ልጅቷ ብድር ፈልጋ የገቢ ማስረጃ ብትጠይቅ ግን የሚጻፍላት 2,200 ነው፤ ቤቱ ሐሰት መጻፍ አይወድምና።

የሚያሳዝነው ይህን ጥበብ የማይረዱ አገሮች መኖራቸው ነው። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ውሳኔ ነገሩን ያለ ርኅራኄ ለይቶታል። ገንዘቡ ጉርሻ የሚባለው ደንበኛው ሳይገደድ ሲሰጥ፣ መጠኑን ራሱ ሲወስን፣ ክፍያው በአሠሪው ደንብ ያልተተመነ ሲሆንና ለማን እንደሚደርስ የመወሰን መብት የደንበኛው ሲሆን ነው፤ በሒሳቡ ላይ በግድ የተጫነው ግን የአገልግሎት ክፍያ፣ ለሠራተኛው ሲከፋፈልም ደመወዝ ነው። ስለዚህ አንዱን ገንዘብ ጠዋት ጉርሻ፣ ማታ ደመወዝ ማለት አይቻልም። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሕግ ደግሞ ሥራ አስኪያጆችና ተቆጣጣሪዎች ከሠራተኛው ጉርሻ እንዳይካፈሉ ከልክሏል። ብሪታንያማ ጭራሽ ጨከነች፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጉርሻን ለዝቅተኛው ደመወዝ ማሟያ ማድረግን አገደች፤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ጉርሻውንም የአገልግሎት ክፍያውንም አሠሪው በሕግ ከሚቆረጠው ግብርና መዋጮ በቀር ሳይነካ በፍትሐዊነት ለሠራተኞች እንዲያደርስ፣ ያውም እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ድረስ እንዲያከፋፍልና መዝገቡንም እንዲይዝ አዘዘች። ሠራተኛውም መዝገቡ እንዲታየው መጠየቅ ይችላል። ሃያ ነጥብ ያለው ‹ቤቱ› እዚያ ሄዶ ቢቀጠር ረሃብ ይገድለው ነበር።

አስተዋይ ደንበኞች ይህን ሁሉ ሸሽተው ጥሬ ገንዘብ በእጅ ማስጨበጥ ጀምረዋል፤ ብልሆቹም አልተኙም። በእጅ የተሰጠ ጉርሻ ሁሉ ወዲያውኑ ካሸሯ አጠገብ ባለው የተቆለፈ ሣጥን እንዲገባ ደንብ ወጥቷል፤ ወደ ኪሱ የከተተ ሁለት ነጥብ ይቀጣል። ሣጥኑ የሚከፈተው በወር አንድ ጊዜ ነው። ለግልጽነት ሲባልም ቆጠራው ሁልጊዜ ሁለት ወገኖች ባሉበት ይከናወናል፤ አንደኛው ሥራ አስኪያጁ ሲሆን፣ ሁለተኛው ‹ቤቱ› ነው።