ሞረድ በፎቶ አይለይም

ኧረ አቦ፣ ይህን ነገር አንድ ሰው ይስማኝ! ድሬዳዋ ውስጥ የብረታ ብረት ሰልጣኞችን አስተምራለሁ። ዘንድሮ የመጣልን የትምህርት ዕቅድ ለእጅ መሣሪያዎች የመደበው ክፍለ ጊዜ በሙሉ ፎቶ ነው። ፕሮጀክተር ይበራል፣ የመሣሪያ ፎቶ ይወጣል፣ ልጆቹ ብራንዱንና ግሬዱን ይጽፋሉ። ፈተናውም ያው ነው። ዎርክሾፑ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። መሣሪያው እቃ ቤት ተቆልፎበታል። ለምን ሲባል፣ «ይጠፋል»።

ስለ ሌላው ዝም ብል እንኳ ስለ ሞረድ ዝም አልልም።

የሞረድ ግሬድ ማለት የጥርሱ ሻካራነት ነው። ዎርክሾፕ ውስጥ አዘውትረን የምንጠቀምባቸው ሦስት ናቸው፤ ባስታርድ ሻካራው፣ ሰከንድ ከት መካከለኛው፣ ስሙዝ ለስላሳው። ዕቅዱ ያልገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሻካራነቱ ከርዝመቱ ጋር ይቀያየራል። ባለ 12 ኢንች ባስታርድና ባለ 6 ኢንች ባስታርድ ስማቸው አንድ ነው፣ ጥርሳቸው ግን አንድ አይደለም። የትልቁ ጥርስ ሰፊና ጥልቅ ነው፣ የትንሹ ደግሞ ጠበቅ ያለ። እንዲያውም ትልቅ ሰከንድ ከት ከትንሽ ባስታርድ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ስለዚህ ርዝመቱን ያላወቀ ሰው ጥርሱን አይቶ ግሬዱን ልናገር ቢል መገመቱ ነው።

ፎቶው ደግሞ ርዝመቱን ይደብቀዋል። ባለ 6 ኢንቹም ባለ 12 ኢንቹም ስክሪኑን እኩል ሞልተው ይታያሉ። አጠገባቸው ማስመሪያ የለም፣ ሳንቲም እንኳ የለም። የሞረድ ርዝመት ደግሞ የሚለካው ከጫፉ እስከ ተረከዙ ነው፤ እጀታው ውስጥ የሚገባው ሹል ጭራ አይቆጠርም። ብዙ ጊዜ ግሬዱ የሚመታው እዚያው ተረከዙ አካባቢ ነው። አንዳንዱ ላይ በስም፣ አንዳንዱ ላይ በቁጥር ይመታል፤ 1 ባስታርድ፣ 2 ሰከንድ ከት፣ 3 ስሙዝ። በፈተናው ፎቶ ላይ ታዲያ ያ ቦታ ወይ ተቆርጧል ወይ በጥላ ተሸፍኗል።

ባለፈው አንዷ ሰልጣኝ እጇን አውጥታ «አስተማሪ፣ ርዝመቱ ስንት ነው?» አለችኝ። ከክፍሉ ሁሉ ትክክለኛው ጥያቄ የሷ ነበር። መልስ መስጫው ላይ ግን ለጥያቄ የሚሆን ቦታ የለም። «ሰከንድ ከት» ያለ ማርክ አገኘ፣ እሷ ዜሮ። ተናደድኩ። አሁንም ስጽፈው ያናድደኛል።

ሌላው ልጅ ፎቶውን በሙሉ በትክክል መለሰ። በኋላ ዎርክሾፕ ገባንና ሞርሳ ላይ የብረት ቁራጭ አሰርን። ሥራው እስከ መስመሩ ሞርዶ ጠርዙን ማለስለስ ነው። መስመሩ ላይ ሊደርስ የፀጉር ያህል ሲቀረው ትልቁን ባስታርድ አነሳ። «ባስታርድ ነው፣ ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ» አለኝ። ትንሹን ነበር ያየው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲገፋው መስመሩ ጠፋ፣ ላዩም ተቧጨረ። እዚያ ጋ ስሙዝ ይዞ ቀስ ብሎ መጨረስ ነበረበት። ልጁ ሰነፍ አይደለም። እንዲያ አድርገን ያስተማርነው እኛ ነን።

ስለ ማለቁስ? ያለቀ ሞረድ ብርሃን ላይ ስታዘነብሉት የጥርሱ ጫፍ ያብረቀርቃል፣ ጫፉ ጠፍጥፏላ። በፍላሽ ከተነሳ ግን አዲሱም ያብረቀርቃል። በእጅ ይዞ እያገላበጡ ካላዩት አይለይም።

ብራንዱማ ይቅር። አንድ አምራች ሦስቱንም ግሬድ ይሠራል፤ ስሙን ማወቅ ግሬዱን አይነግርህም። የእጀታው ቀለምም ምንም አያረጋግጥም። ታይዋን ገበያ ግቡና እዩ፤ አንድ ዓይነት ቀይና ጥቁር እጀታ ስንት ዓይነት ስም ተለጥፎበት ተደርድሯል። ልጆቹ ነገ ከዚያ ነው የሚገዙት። ሲገዙ የሚያስፈልጋቸው ተረከዙን ማንበብ፣ ማስመሪያ አጋድሞ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት የጥርስ መስመር እንዳለ መቁጠርና በጥራጊ ብረት ላይ አንዴ መሞከር ነው። ጥርሱ ካልነከሰና ብረቱ ላይ ዝም ብሎ ከተንሸራተተ አይግዙት። ይህ ሁሉ በአንድ ጠዋት ይለመዳል።

ፎቶ ይቃጠል አላልኩም። ነጠላ ጥርስና ድርብ ጥርስን፣ ጠፍጣፋና ክብ ቅርጽን በፎቶ ማሳየት ይቻላል፤ እኔም አሳያለሁ። ግሬድ ለመጠየቅ ግን ቢያንስ ማስመሪያ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ተረከዙም ለብቻው ተጠግቶ ይነሳ። እቃ ቤቱም ይከፈት። ለየጠረጴዛው ሦስት ሞረድ አስፈርሞ መስጠት ምን ይከብዳል? ሲጨርሱ ቆጥሬ እመልሳለሁ፣ ከጎደለ ከእኔ ይጠየቅ። ይህም እምቢ ከተባለ የፈተናውን ጥያቄ ብቻ ቀይሩልኝ፤ «ግሬዱ ምንድን ነው?» የሚለውን አውጡና «ግሬዱን ለማወቅ ምን ምን ማየት አለብህ?» በሉ። ለዚህኛው ፎቶው ይበቃል፤ ያቺም ልጅ ማርኳን ታገኛለች።