ቁልፉን የሰጠውም ይጠየቃል

«መኪናዬን ሰክሮ ነድቶ እግረኛ የገጨው ጓደኛዬ ነው፤ እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር። በምን ሒሳብ ነው የምከሰሰው?»

ሊብሬው በስምህ ስለሆነ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። ባለቤቱ መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነፃ ይሆናል፤ ቁልፉን በእጁ ያቀበለ ሰው ግን ተሰረቅሁ ማለት አይችልም። «ጥፋት የለብኝም» የሚለው መከራከሪያም አያድነውም፤ የተጎጂው የራሱ ጥፋት ግን ኃላፊነቱን ሊቀንስለት ይችላል።

እንግዲህ ለተገጨው እግረኛ፣ ባለቤቱ የጓደኛውን ስካር ማወቁና አለማወቁ ለውጥ የለውም። ይህም ተገቢ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው የባለመኪናውን ልብ እንዲመረምር ሊጠየቅ አይገባም።

ማወቅ ለውጥ የሚያመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሕክምናውና የተቋረጠው ገቢ 600,000 ብር ደረሰ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ 100,000 ብር ሸፈነ እንበል። ቀሪውን 500,000 ብር ተጎጂው ከባለቤቱ መጠየቅ ይችላል። ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ የተማመነ ባለቤት ውሉን ገልጦ ያንብብ፤ ሰክሮ ወይም ያለ መንጃ ፈቃድ የተነዳ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከሽፋኑ ውጪ ነው። የራሱን መኪና ማሠሪያም ከኪሱ ይሆናል።

ከፍሎ ሲያበቃ ወደ ጓደኛው ይዞራል። እዚህ ላይ ፍርድ ቤቶች ጠበቅ ማለት አለባቸው ባይ ነኝ። እያወቀ ቁልፍ የሰጠ ሰው አደጋው እንዲደርስ በር ከፍቷልና የከፈለውን በሙሉ ከአሽከርካሪው እንዲያስመልስ ሊፈቀድለት አይገባም፤ ድርሻውን ራሱ ይሸከም።

ጎን ተቀምጦ በነፃ የተሳፈረው ጓደኛ ጉዳይ ይለያል። ለእሱ ባለቤትነት ብቻውን አይበቃም፤ የባለቤቱን ጥፋት ማስረዳት አለበት። «ትንሽ ቀምሻለሁ፣ መኪናህን ልውሰዳት?» ለሚል የስልክ መልእክት «እሺ፣ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው» ተብሎ ከተመለሰ ግን ጥፋቱ በጽሑፍ ተገኘ ማለት ነው። ተሳፋሪው አሽከርካሪው እንደሰከረ እያወቀ ገብቶ ከሆነ ደግሞ የእሱም ካሳ ሊቀነስ ይችላል።

ሰክሮ ከመንዳትና ያለ መንጃ ፈቃድ ከመንዳት ለማስረዳት የሚከብደው ስካር ነው። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ከመዝገብ ይታወቃል። አልኮል ግን በሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል፤ ትራፊክ ፖሊስ በቶሎ ካልለካው የሚቀረው አብሮ የጠጣ፣ የቀዳ ወይም ቁልፍ ሲሰጥ ያየ ምስክር ነው። ስለዚህ ተጎጂ ወይም ቤተሰቡ በዚያው ሌሊት ምርመራ እንዲደረግ ይጠይቅ፤ ውጤቱ በፖሊስ መዝገብ ላይ መስፈሩንም ያረጋግጥ። የካሳ ክሱ በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ባለቤቱም አሽከርካሪውም በአንድ ክስ ሊከሰሱ ይችላሉ።